የኢአርፒ ዳታቤዝ ባክአፕ፣ አርካይቭ እና ከአደጋ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ድርጅት በምሳሌነት እንያዝ። ዕቃ አስመጥቶ ያከፋፍላል። ቢሮው ቦሌ ነው፣ መጋዘኑ ቃሊቲ። ኢአርፒው ኦዱ ሲሆን ከሥሩ ፖስትግሬስ አለ። ዳታቤዙ 60 ጊጋባይት ደርሷል፤ የተያያዙት ፋይሎች፣ ማለትም ስካን የተደረጉ ደረሰኞችና ፒዲኤፎች፣ ሌላ 40 ጊጋባይት ይሆናሉ። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ቢለይ ስሌቱ ላይ የራሳችሁን ተኩበት።

## አርፒኦ እና አርቲኦ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰርቨሩ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሞተ እንበል። ከዚያች ሰዓት ተነስታችሁ ሁለት አቅጣጫ ትቆጥራላችሁ።

ወደ ኋላ ስትቆጥሩ የምታገኙት የጠፋውን ሥራ ነው። የመጨረሻው የተረፈ ዳታ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሆነ የዛሬው ሙሉ ቀን የለም። ይህ ክፍተት ቢበዛ እስከ ስንት ሊሆን ይችላል ብላችሁ የምትወስኑት ቁጥር አርፒኦ ይባላል።

ወደ ፊት ስትቆጥሩ ደግሞ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበትን ጊዜ ታገኛላችሁ። የመጋዘን ሠራተኛው እንደገና ዕቃ ማውጣት እስኪችል ድረስ ያለው ጊዜ ከዚህ አይበልጥም ያላችሁት ቁጥር አርቲኦ ነው። ልብ በሉ፣ ሰርቨሩ እስኪበራ አይደለም። ሰው ገብቶ መሥራት እስኪችል ነው።

## ቁጥሩን ማን ይወስን? የአይቲ ክፍል አይደለም እንዴ?

አይደለም። አይቲ የሚነግራችሁ ለየትኛው ቁጥር ምን ያህል ወጪ እንደሚያስፈልግ ነው። የሚጠፋው ሥራ የማን እንደሆነ አስቡና ባለቤቱን ጠይቁ።

ሥራ አስኪያጁን «ምን ያህል ዳታ ቢጠፋ ይታገሡታል?» ብትሉት መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። ስለዚህ እንደዚያ አትጠይቁ። ፋይናንስን ጠይቁ፦ «የዛሬው ግማሽ ቀን ቢጠፋ ከወረቀት ላይ መልሳችሁ ለማስገባት ስንት ሰው ለስንት ሰዓት ይቀመጣል?» ቃሊቲን ጠይቁ፦ «ሲስተም ሳይኖር በእጅ ጽፋችሁ ስንት መኪና ልታስወጡ ትችላላችሁ?» እነዚህ ጥያቄዎች እውነተኛ መልስ አላቸው።

በምሳሌያችን ድርጅት ሽያጩ በፊስካል ማሽን ደረሰኝ ይወጣለታል። ስለዚህ የጠዋቱ ሽያጭ ከኢአርፒው ቢጠፋም ደረሰኙ ደንበኛው እጅ ላይ ነው፣ ማሽኑም መዝግቦታል። መልሶ ማስገባት አድካሚ ነው እንጂ ይቻላል። የመጋዘን እንቅስቃሴው ግን እንደዚያ አይደለም። ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው የተዛወረ ዕቃ ወረቀት ላይ የለም። እሱ ከጠፋ መቁጠር ነው ያለው፣ ቆጠራ ደግሞ ሥራ ያቆማል። አርፒኦውን የወሰነው ፋይናንስ ሳይሆን መጋዘኑ የሆነው ለዚህ ነው። 15 ደቂቃ አሉ። አርቲኦው 4 ሰዓት ሆነ፣ ምክንያቱም መጋዘኑ በእጅ ጽፎ ከግማሽ ቀን በላይ መቆየት አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ መሆን የለበትም። ጥር ላይ 4 ሰዓት መቆም ያናድዳል። ሰኔ 30 ቀን፣ በጀት ዓመት ሲዘጋ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ተለዋጭ ማሽን ተገጥሞ እንዲጠብቅ ማድረግ ዓመቱን ሙሉ ከማቆየት ይረክሳል።

## በየሌሊቱ ባክአፕ እንወስዳለን። አይበቃም?

አርፒኦ 24 ሰዓት ነው ካላችሁ ይበቃል። 15 ደቂቃ ካላችሁ ግን አይቀራረብም።

ክፍተቱን የሚሞላው የፖስትግሬስ የለውጥ መዝገብ፣ ማለትም ዋል ነው። እያንዳንዱ ለውጥ መጀመሪያ እዚያ ይጻፋል፣ በ16 ሜጋባይት ፋይሎች። ሌሊት በ`pg_basebackup` ሙሉ ኮፒ ትወስዳላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ የዋል ፋይሎቹ እየተዘጉ ወደ ሌላ ማሽን ይሄዳሉ። አደጋ ሲመጣ የሌሊቱን ኮፒ ታስቀምጡና ዋሉን ከላዩ ታጫውታላችሁ። `pg_dump` የሚሰጣችሁ ፋይል ላይ ግን ዋል ማጫወት አይቻልም። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

```
wal_level = replica
archive_mode = on
archive_timeout = 300
archive_command = 'test ! -f /backup/wal/%f && cp %p /backup/wal/%f'
```

`archive_timeout` 300 ማለት ፋይሉ ባይሞላም በየ5 ደቂቃው ይዘጋና ይላክ ማለት ነው። እሱ ከሌለ ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓት አንድ ፋይል ሳይሞላ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፣ ያ ሁሉ ለውጥ ደግሞ አሁንም ያለው ሊሞት በሚችለው ሰርቨር ላይ ነው። ዋጋው ቦታ ነው። በየ5 ደቂቃው አንድ ፋይል ቢሄድ በቀን 288 ፋይል፣ ወደ 4.6 ጊጋባይት ይሆናል። ብዙው ባዶ ስለሆነ ሲጨመቅ ያንሳል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ `/backup` ከሌላ ማሽን የተያያዘ ፎልደር ከሆነና ግንኙነቱ ከተቋረጠ፣ `cp` ዋሉን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ `wal` የሚለው ፎልደር በሩቁ ማሽን ላይ ብቻ ይኑር። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ፎልደሩ ስለማይገኝ ትዕዛዙ ይወድቃል፣ የምንፈልገውም እንዲወድቅ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ እዚህ ይጀምራል። ትዕዛዙ ሲወድቅ ፖስትግሬስ ፋይሉን አይጥለውም፣ ያቆየዋል። ዓርብ ማታ ተቋርጦ ሰኞ ጠዋት ካልታየ ዋሉ ተከምሮ ዲስኩ ሊሞላ ይችላል፣ ያኔ ዳታቤዙ ራሱ ይቆማል። ባክአፑ ሲስተሙን ጣለው ማለት ነው። ስለዚህ ይህን በየ10 ደቂቃው የሚያይ ነገር አስቀምጡ፦

```
SELECT last_archived_time, failed_count
FROM pg_stat_archiver;
```

በሥራ ሰዓት የመጨረሻው ጊዜ ከ15 ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ከቀረ አርፒኦአችሁ አሁኑኑ ፈርሷል። አደጋ መጠበቅ አያስፈልግም።

## ሁለተኛ ሰርቨር ላይ በየሰከንዱ እየተገለበጠ ነው። ታዲያ ባክአፕ ለምን?

ሁለተኛው ሰርቨር የሚያድናችሁ ከዲስክ መቃጠል ነው። ሰው ተሳስቶ ሲያጠፋ ግን ስህተቱም በየሰከንዱ ይገለበጣል። አንድ ሺህ የዕቃ ዋጋ በስህተት ዜሮ ቢሆን ሁለተኛው ላይም ዜሮ ነው። ራንሰምዌርም ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው መሻገር ያውቅበታል። ለዚህ ነው ቢያንስ አንድ ኮፒ ከኔትወርክ የተነቀለ ዲስክ ላይ፣ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ የሚባለው። ሁለት ዲስክ ገዝታችሁ በየሳምንቱ ማቀያየር ይበቃል።

## ሰው ተሳስቶ ዳታ ቢያበላሽ ከስህተቱ በፊት ወዳለችው ደቂቃ መመለስ ይቻላል?

ዋሉ ካለ ይቻላል። ግን እኛ ዘንድ ልዩ የሆነ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሰዓት።

ሐሙስ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. አንዷ ሠራተኛ የዋጋ ዝርዝር ከኤክሴል አስገባች እንበል። ዓምዱ ተሳስቶ የሁሉም ዕቃ ዋጋ ተበላሸ። «ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» ሲባል «4 ሰዓት ከ20» ትላለች። ልክ ናት። ሰርቨሩ ግን ይህን 10፡20 ይለዋል፣ ያውም የአዲስ አበባ ሰዓት ከሆነ። ብዙ ሰርቨር የሚጫነው በዩቲሲ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ 7፡20 ነው። ሦስት ቁጥር፣ አንድ ቅጽበት። ቀኑም እንዲሁ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር አለበት፦ ጁላይ 3 ቀን 2025።

ዩቲሲ በሆነ ሰርቨር ላይ `10:15:00` ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ15 ማለት ይሆናል። ስህተቱም አብሮ ይመለሳል። ስለዚህ የሰዓት ልዩነቱን ሁልጊዜ አብራችሁ ጻፉ፦

```
restore_command = 'cp /backup/wal/%f %p'
recovery_target_time = '2025-07-03 10:15:00+03'
recovery_target_action = 'pause'
```

ከዚያ በዳታ ፎልደሩ ውስጥ `recovery.signal` የሚባል ባዶ ፋይል አስቀምጣችሁ ዳታቤዙን ታስነሳላችሁ። `pause` የሚለው ወሳኝ ነው። ዳታቤዙ 4 ሰዓት ከ15 ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ለማንበብ ብቻ ይከፈታል። ገብታችሁ ዋጋዎቹን እዩ። ገና አልተበላሹም? እንግዲያው ዳታቤዙን ዘግታችሁ ሰዓቱን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ወደ ኋላ ግን መመለስ የለም። አንዴ ካለፋችሁት የሌሊቱን ኮፒ እንደገና ከመገልበጥ ትጀምራላችሁ። ስትጠራጠሩ ቀደም ያለውን ሰዓት ምረጡ።

ይህን ሁሉ የምታደርጉት በሌላ ማሽን ላይ ነው፣ በዋናው ላይ አይደለም። ስህተቱ የታየው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ፣ ከ4 ሰዓት ከ20 በኋላ የተሠራ ትክክለኛ ሽያጭና የመጋዘን ሥራ አለ። ዋናውን ወደ ኋላ ብትመልሱት እሱ ሁሉ ይጠፋል። የሚሻለው ከተመለሰው ኮፒ ላይ ትክክለኛዎቹን ዋጋዎች አውጥቶ ዋናው ላይ ማስገባት ነው። በዚያ መሃል በተበላሸ ዋጋ የተቆረጡትን ሽያጮች ፋይናንስ አንድ በአንድ ያያቸዋል።

## ባክአፑ ክላውድ ላይ ነው። በስንት ሰዓት እንመለሳለን?

መስመራችሁ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ያወርዳል እንበል። 100 ጊጋባይት ወደ 800,000 ሜጋቢት ነው። ለ10 ስታካፍሉት 80,000 ሰከንድ፣ ማለትም 22 ሰዓት ከምናምን። ያውም ኔትወርክ ሳይቆረጥ፣ ሌላ ሰው መስመሩን ሳይነካ። አርቲኦ 4 ሰዓት ነው የሚለው ወረቀት እዚህ ጋ ያበቃል።

ያው 100 ጊጋባይት ቢሮ ውስጥ ካለ ሌላ ማሽን በጊጋቢት ኔትወርክ ሲመጣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ይሄዳል። 17 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ቅርብ ያለው ኮፒ ለአርቲኦ፣ ሩቅ ያለው ደግሞ ቢሮው ለተቃጠለበት ቀን ነው። ለሁለተኛው ዓይነት አደጋ የተለየ፣ ረዘም ያለ አርቲኦ ጻፉ። ሁለት ቀን ማለት አያሳፍርም። እንዲያውም ኮፒውን በዲስክ ይዞ የሚመጣ ሰው ከኢንተርኔቱ ይፈጥናል።

መገልበጥ ደግሞ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። ሰርቨሩ ከጠዋቱ 4፡40 ላይ ሞተ እንበል። መሞቱን አውቆ «በቃ፣ ወደ ተለዋጩ እንሂድ» ብሎ እስኪወሰን ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ድርጅት አንድ ሙሉ ሰዓት ያጠፋል፣ ምክንያቱም ውሳኔው የማን እንደሆነ አልተጻፈም። ተለዋጭ ማሽን ማዘጋጀትና ፖስትግሬስን ከኦዱ ጋር መጫን አንድ ሰዓት ተኩል። መገልበጥ 20 ደቂቃ። ከሌሊት ጀምሮ ያለውን ዋል ማጫወት ግማሽ ሰዓት። ማጣራት 45 ደቂቃ። ሲደመር 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። ከ4 ሰዓቱ የተረፈችው 25 ደቂቃ ብቻ ናት፣ መብራት ከጠፋ እሷም የለችም። ማሽኑ አስቀድሞ ከተጫነ ግን አንድ ሰዓት ተኩሉ ከስሌቱ ይወጣል። እኔ ብሆን ገንዘቡን እዚያ ላይ አወጣለሁ።

## ኦዱ ላይ ዳታቤዙን ብቻ ባክአፕ ብናደርግስ?

ደረሰኞቹን ስትከፍቱ ባዶ ታገኛላችሁ። የተያያዙ ፋይሎች የሚቀመጡት `filestore` በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፣ ዳታቤዙ የሚይዘው ስማቸውን ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ዳታቤዙ፣ ቀጥሎ ፎልደሩ። እንደዚያ ሲሆን በመሃል የገባ ፋይል ትርፍ ሆኖ ይገኛል፣ ጉዳት የለውም። ተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ዳታቤዙ የሌለ ፋይል ይጠራል። `odoo.conf` እና ራሳችሁ ያሠራችኋቸው ሞጁሎችም አብረው ይቀመጡ።

## ባክአፑ እንደሚሠራ በምን እናውቃለን?

በመመለስ። ሌላው ሁሉ ግምት ነው።

ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ በዝርዝር ጽፎታል። አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ፖስትግሬስ ዳታ አጠፋ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ ሲፈለግ የለም። `pg_dump` ከሰርቨሩ ያነሰ ቨርዥን ስለነበር ሥራው ሲወድቅ ቆይቷል። መውደቁን የሚናገረው ኢሜይልም ተቀባይ ጋ ሳይደርስ ውድቅ ይደረግ ነበር። ያዳናቸው በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ የዲስክ ኮፒ ነው። የስድስት ሰዓት ያህል ዳታ ግን ቀርቷል።

እኛ ሰፈር በብዛት የሚታየው ደግሞ ይህ ነው፦

```
pg_dump erp | gzip > erp.sql.gz
```

`pg_dump` መሃል ላይ ቢወድቅ እንኳ `gzip` የደረሰውን ጨምቆ በሰላም ይጨርሳል። ሲስተሙ የሚያየው የ`gzip`ን መልስ ነው። ፋይል አለ፣ ቀኑ የዛሬ ነው፣ ውስጡ ግማሽ። ባሽ ስክሪፕቱ አናት ላይ `set -o pipefail` ጻፉ። የፋይሉን መጠን ከትናንቱ ጋር የሚያወዳድር መስመርም ጨምሩ። ከትናንት በግማሽ ያነሰ ባክአፕ ሰው ሊቀሰቅስ ይገባል።

ከዚያ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ሙሉውን መልሱ። ሰዓት ያዙ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ጻፉ። መላሹ ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው አይሁን፣ ሌላ ሰው ይሁን፤ አደጋው የሚደርሰው ጻፊው ክፍለ ሀገር በሄደበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሲጨርሱ ፋይናንስ ይግባና የትናንቱን የሙከራ ሚዛን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር። ቁጥሩ ከገጠመ ተመልሷል።

በዚህ መሃል ጥንቃቄ፦ የተመለሰው ኮፒ ራሱን ዋናው አድርጎ ያስባል። የኢሜይል መላኪያውና በሰዓት የሚነሱ ሥራዎቹ አብረው ስለሚነሱ ለደንበኞች የክፍያ ማስታወሻ ሊልክ ይችላል። ከኦዱ 16 ጀምሮ `odoo-bin neutralize -d erp_test` የሚለው ትዕዛዝ እነዚህን ያጠፋል። ከመክፈታችሁ በፊት አስኪዱት።

## አርካይቭስ? ያው ባክአፕ አይደለም?

ባክአፕ ነገ እንዲጠቅማችሁ ነው፣ አርካይቭ ከአምስት ዓመት በኋላ። የዕለት ባክአፕ ለአንድ ወር፣ የወር ባክአፕ ለአንድ ዓመት ቢቆይ ለብዙ ድርጅት ይበቃል። የሂሳብ ሰነድ ግን ሕግ አለው። የፌደራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነዶች በንግድ ሕጉ ለተወሰነው ጊዜ ወይም የታክስ ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለአምስት ዓመት፣ ከሁለቱ ለረዘመው እንዲያዙ ያዛል።

ኦዱ ላይ «አርካይቭ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ይህን አያደርግም። መዝገቡን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከዳታቤዙ አያወጣውም፣ ቦታም አያስለቅቅም። የቆዩ የሂሳብ መዝገቦችን በኤስኪውኤል መሰረዝ ደግሞ አይታሰብ። የዕቃው ወጪና የደንበኛው ቀሪ ሂሳብ እስከ መጀመሪያው ዓመት ድረስ የተሳሰረ ነው።

የሚሠራው ይህ ነው። የሰኔ 30 ሂሳብ ተዘግቶ ኦዲቱ ሲያልቅ የዚያን ቀን ሙሉ ኮፒ ለብቻው አስቀምጡ። ከዛሬ አምስት ዓመት በኋላ ይህን የኦዱ ቨርዥን የሚጭን ሰው ላይገኝ ስለሚችል የሰርቨሩን ሙሉ ምስልም አብራችሁ ያዙ። ከሁሉም በላይ አጠቃላይ ሌጀሩን፣ የሙከራ ሚዛኑንና የተጨማሪ እሴት ታክስ ዝርዝሩን በፒዲኤፍና በሲኤስቪ አውጡ። ኦዲተር ሲመጣ ዳታቤዝ ማስነሳት አይጠበቅባችሁም፣ ፋይሉን ትከፍታላችሁ።

## ሲስተሙ ተመልሷል። ሠራተኛው ወዲያው ይግባ?

አንድ ነገር ሳትሠሩ አይግባ። ሰርቨሩ ከጠዋቱ 4፡40 ላይ ሞቶ የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ጠፍተዋል እንበል። በእነዚያ ደቂቃዎች የተቆረጡ ሦስት ደረሰኞች ነበሩ፣ ቁጥራቸው 4411፣ 4412፣ 4413። ወረቀቱ ደንበኛ ጋ ነው፣ የተመለሰው ኢአርፒ ግን የሚያስታውሰው እስከ 4410 ብቻ ነው። ሠራተኛው ገብቶ አዲስ ሽያጭ ቢሠራ ሲስተሙ 4411ን ለሌላ ደንበኛ ይሰጠዋል። አሁን አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ደረሰኞች አሏችሁ።

ስለዚህ በሩን ዝግ አድርጋችሁ ከፊስካል ማሽኑ መዝገብ የመጨረሻውን ሽያጭ እዩ። የጠፉትን ሦስቱን በቅደም ተከተላቸው አስገቡ፣ ቁጥራቸው ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። የግዢ ትዕዛዝና የመጋዘን መውጫ ቁጥሮችም እንደዚሁ ይታያሉ። ወረቀት የሌላቸው የመጋዘን ዝውውሮች ላይ ደግሞ ቃሊቲ ያሉትን ሰዎች ስልክ ደውላችሁ «ከ4 ሰዓት ከ35 በኋላ ምን አንቀሳቀሳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ከሆነ ያስታውሳሉ። ከዚያ ክፈቱላቸው።